ከዝርዝሩ የወጣችው አክስት

ሜሌሴይኒ በዚህ ደሴት ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ አይታለች። ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ አራስ ትጎበኛለች፣ የሽንት ቱቦ ትቀይራለች። ሜዳልያ አልተሸለመችም። በአገራችን ሜዳልያ የሚሰጠው ስለ ሥራ ንግግር ለሚያደርግ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ የንግግር ጊዜ አልነበራትም። አንድ ነገር ግን ነበራት፤ እምቢ አለማለት። ይህ የእሷ ብቻ በሽታ አይደለም። እኛ ቶንጋውያን ከላያችን ላለ ሰው «አይሆንም» ማለትን የምንማረው ከሞትን በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን በትሕትና።

ያን ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው ደረሰችና የዕለቱን ዝርዝር አነሳች። አሥራ አራት ስም። አሥራ አራት ስም የሁለት ነርስና የአንድ መኪና የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ሁለተኛዋ ነርስ ለቀብር ሄዳለች፤ ከሟቹ ጋር ባላት ዝምድና ዝቅተኛዋ እሷ ስለሆነች ሦስት ቀን ወጥ ቤት ታገለግላለች፤ ማንም ሊያስቀራት አይችልም። መኪናው ደግሞ ከዋናው ከተማ የሚመጡ እንግዶችን ሊቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ሊሄድ ነው። እንግዶቹ የሚመጡት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የጤና ጣቢያዎችን የመኪና እጥረት ሊያጠኑ። ሹፌሩ ሶአኔ፣ ሽማግሌና ምላሱ የማያርፍ ሰው፣ ከማለዳ ጀምሮ ጎማውን በሳሙና እያጠበ ነበር።

«አጎቴ፣ መቼ ትመለሳለህ?»

«አራት ሰዓት ላይ፣ እንግዶቹ ሻንጣ ካልጠፋባቸው። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ መልሼ አደርሳቸዋለሁ። በመሃል ያለው ስድስት ሰዓት የአንቺ ነው። መልካም ሽርሽር።»

ሜሌሴይኒ ጥግ ላይ ተቀምጣ ለአለቃዋ መልእክት ጻፈች። አለቃዋ ሲስተር ላቪኒያ ናት፤ የአካባቢው የቤት ለቤት ሕክምና ኃላፊ። መልእክቱ እንዲህ ይላል።

«የተከበርሽ ሲስተር ላቪኒያ፣ በዚህ ውብ ማለዳ ጌታ ስለሰጠን ሕይወት ምስጋና ይግባው። አንቺና ቤተሰቦችሽ በሰላም እንዳደራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ትጉህ አመራርሽና ስለ ትዕግሥትሽ ሁላችንም ሁሌም እናመሰግናለን። የእሑዱ መዝሙርም ልብ የሚነካ ነበር። ስለማስቸግርሽ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጊዜሽ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ምናልባት የዛሬው ሥራ ትንሽ በዛ ያለ ይመስላል፤ በጌታ ርዳታ የምንችለውን እናደርጋለን። በታላቅ አክብሮት፣ ሜሌሴይኒ።»

መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ። «አመሰግናለሁ እህቴ! ጌታ ይባርክሽ!» ከሥሩም የተጣመሩ ሁለት እጆች ሥዕል።

ሶአኔ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን ተቀበላት። ከላይ ጀምሮ ሲያነብ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ።

«ይኼ ምንድነው? የሠርግ ንግግር ነው?»

«መልእክት ነው።»

«መልእክቱ የቱ ጋ ነው? እኔ መዝሙር አየሁ፤ ምስጋና አየሁ።»

«ታች ላይ አለ። 'ትንሽ በዛ ያለ' የሚለው።»

«እ! ይኼኛው?» ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «እህቴ፣ ጀልባሽ እየሰጠመ ቢሆን 'ምናልባት እግሬ ትንሽ የረጠበ ይመስላል' ብለሽ ነው የምትጽፊው። ሴትዮዋ እኮ ስብሰባ ልትገባ ነው፤ የምታየው የመጀመሪያውን መስመር ነው። ጌታን አመሰገንሽ፤ እሷም መለሰች። ሁለታችሁም ጸድቃችኋል።»

ሶአኔ የታጠበውን መኪና አስነስቶ ሄደ። ሜሌሴይኒም ቦርሳዋን አንግታ በእግሯ ወጣች፤ በቅርብ ያሉትን ሁለቱን መኪና ሳትጠብቅ ለመጨረስ። መጀመሪያ ዓይናቸው ወደጠፋ አሮጊት ነበር የሄደችው። ቁርስ ከመብላታቸው በፊት የስኳር መርፌያቸውን መወጋት አለባቸው፤ የእሳቸው ረኀብ የከተማ እንግዶችን አይጠብቅም። ስኳራቸውን ለካች፣ ወጋቻቸው፣ የተቀቀለ ጎደሬያቸውን አቀረበችላቸው። ልትወጣ ስትል ስልኳ ጮኸ።

የኬፉ ሚስት ነበረች። ኬፉ ጀልባ ሠሪ ነው፤ የስኳር በሽታ አለበት። የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች ባለፈው ዓመት ለቢላ ሰጥቷል። አሁን ደግሞ በቀኝ እግሩ ተረከዝ ላይ ቁስል ወጥቶ ሜሌሴይኒ አንድ ቀን እየዘለለች ትጠርግለታለች።

«ሲስተር፣ ዛሬ ትመጫለሽ አይደል?»

«ተራው ነው። ምነው?»

«ይሸታል። እሱ 'ያንቺ አፍንጫ ነው' ይለኛል። የኔ አፍንጫ ትናንት ምንም አልነበረውም።»

«እሱን አቅርቢልኝ።»

የኬፉ ድምፅ ደስ ብሎት መጣ። «ሲስተር፣ አትስሚያት። ምንም አያመኝም። ጠዋት ሁለት ሳንቃ ልጌያለሁ።»

ይህን ስትሰማ ሜሌሴይኒ የአሮጊቷ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ቁስል ያመመው ሰው ይጮኻል፤ ሐኪምም ይደርስለታል። ስኳር ነርቩን የበላበት ሰው ግን እግሩ እየበሰበሰ ሳንቃ ይልጋል። «አያመኝም» የሚለው ቃል በሌላ ሰው አፍ መልካም ዜና ነው፤ በኬፉ አፍ ግን ያስፈራል።

ዝርዝሩን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ኬፉ ዘጠነኛ ነበር፤ ቤቱ ከደሴቱ ጫፍ ነው። ስምንተኛው ስም ላይ ዓይኗ ቆመ። ወይዘሮ ሁሊታ፤ የደም ግፊት መለካት።

ስለ ወይዘሮ ሁሊታ ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሰባት ወር በፊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ጊዜ ራሳቸውን አዞራቸው፤ ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ይለካሉ፤ ግፊታቸውም ከእኔም ከእናንተም ይሻላል። ሁለተኛ፣ የሲስተር ላቪኒያ የአባቷ እህት ናቸው። የአባት እህት በእኛ ዘንድ ከአባትም በላይ ናት። ፊቷ ቆመው አያወሩም፤ ያለችውን አይመልሱባትም፤ የወንድሟ ልጆች ሠርግም ሆነ ቀብር ላይ የመጀመሪያው ምንጣፍ የእሷ ነው። ስማቸውን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባችው ላቪኒያ ናት፤ የሚያወጣው ግን አልተወለደም። ልኬቱ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ቀሪው ጉብኝት ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ በነርስ ልብሷ ላይ ለክብር ወገብ ላይ የሚታሰረውን ሰሌን ጠምጥማ መግባት አለ፣ መሬት መቀመጥ አለ፣ ጸሎት አለ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ የጎደሬ ቅጠል አለ፣ ሳህኑ ባዶ ሳይሆን መነሳት ነውር ነው።

ሜሌሴይኒ ሁለተኛውን መልእክት ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው መጻፉ አልነበረም፤ ይቅርታዎቹን መሰረዙ ነበር። ከአንዱ መስመር ስትነቅላቸው በሌላው ብቅ ይሉ ነበር።

«ሲስተር ላቪኒያ፣ የዛሬውን ሥራ መጨረስ አልችልም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ውሳኔሽ ያስፈልገኛል።

አሥራ አራት ጉብኝት አለ፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱን በእግሬ እሠራለሁ። መኪናው ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ከመንገዱ ጋር ስምንት ሰው ማየት እችላለሁ። አራት ይቀራሉ።

ዛሬ መታየት ያለባቸው፦ ኬፉ፣ ቁስሉ መሽተት ስለጀመረ እሱን አስቀድማለሁ። የአራት ቀኑ ሕፃን፣ ዓይኑ ቢጫ ስለሆነ። ቱቦው የተዘጋባቸው ሽማግሌ። ሌሎቹ አምስት እንደ ዝርዝሩ።

እንዲቀሩ የማቀርባቸው፦ ለሴቶች ማኅበር የሚሰጠው ትምህርት፣ ለሚቀጥለው ማክሰኞ። የጀርባ ስፌት የሚፈታለት ሰው፣ በአንድ ቀን ምንም አይሆንም፤ ነገ ራሱ ጤና ጣቢያ ይምጣ። ክብደቷ እየጨመረ ያለችው ሕፃን፣ ዓርብ ትመዘን። ወይዘሮ ሁሊታ፣ በሰባት ወር ውስጥ አንድም ጊዜ ከፍ ብሎ አልተገኘም።

ሦስቱን እኔ እነግራቸዋለሁ። ለወይዘሮ ሁሊታ የምትነግሪያቸው አንቺ ብትሆኚ ይሻላል።»

የመጨረሻውን መስመር ሦስት ጊዜ አጠፋችው፤ አራት ጊዜ ጻፈችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ላከችው። በዚህ ጊዜ የመጣላት ሥዕል አልነበረም። ስልኩ ራሱ ጮኸ።

ላቪኒያ ከስብሰባ አዳራሹ ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር የምታወራው፤ ከኋላዋ አንድ ሰው ስለ ቅልጥፍና ሲያብራራ ይሰማል።

«ሜሌሴይኒ! አክስቴን በጽሑፍ?»

«በቃል ብነግርሽ ይሻል ነበር?»

«አይሻልም! ዝም ብትይ ነበር የሚሻለው! ኬፉን ለነገ አድርጊው። እሑድ ጠርገሽለታል አይደል?»

«ይሸታል ሲስተር። ሚስቱ ናት የነገረችኝ።»

«ሚስቱ ነርስ ናት?»

«አፍንጫ አላት። እሱ ደግሞ አያመኝም አለ።»

ላቪኒያ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ራቅ አለች። እሷም ኃላፊ ከመሆኗ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቁስል ጠርጋለች። ወንበር ብዙ ነገር ያስረሳል፤ ይህን ግን አላስረሳትም።

«እሺ፣ አክስቴ ጋ አምስት ደቂቃ ብቻ ግቢና ለክተሽ ውጪ።»

«አምስት ደቂቃ? አንቺ አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«...አላውቅም።»

«እኔማ የማን ልጅ ነኝና? ሳህኑን ሳልጨርስ ብነሳ እናቴም አትቀብረኝም።»

ላቪኒያ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው። «እንግዲያው አንቺው ደውለሽ ንገሪልኝ። መኪና የለም በያቸው።»

«መኪናማ አለ። በደጃቸው ነው የሚያልፈው።» ሜሌሴይኒ አላቆመችም። «ሲስተር፣ እኔ ዝርዝር ነው ያቀረብኩት። የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ኬፉን ተይው ካልሽኝም እተወዋለሁ፤ ግን እሱንም ጻፊልኝ።»

ይህን ነው እንግዲህ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ያላለችው። በቃል የተነገረ ትእዛዝ በእኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከአፍ እንደ ወጣ ይተናል፤ የሚቀረው የነርሷ ስም ብቻ ነው። የኬፉ እግር ነገ ቢቆረጥ ላቪኒያ «አስቀድሚው ብያት ነበር» ማለቷ አይቀርም፤ ደግሞም ከልቧ አምና ነው የምትለው። የተጻፈ ነገር ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ስልኩ ተዘጋ። ሜሌሴይኒ ከሥራ የምትባረር መስሏት በእግሯ ከምታያቸው የሁለተኛውን በሽተኛ ቁስል በደነዘዘ ልብ ጠርጋ ጨረሰች። አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጽሑፍ መጣ። «እንዳቀረብሽው ተስማምቻለሁ። ኬፉ መጀመሪያ። አክስቴን እኔ።» ጌታም አልተጠራ፤ እጅም አልተጣመረ። ከዚያች ሴትዮ የወጣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት የሚያስታውስ የለም።

ሶአኔ ከሻንጣ ጣጣ ተርፎ በሰዓቱ መጣ። የኬፉ ቤት ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሊሞላ ነበር። ኬፉ ግማሽ ጀልባው ሥር ተቀምጦ መጥረቢያ ይስላል።

«ይኸው፣ በቁጣ የምትወደኝ ሲስተር መጣች!» አለ።

«ውሸታም፣ እግርህን ስጠኝ» አለችው።

ፋሻው ርሶ ቢጫ ሆኗል። ስትፈታው ሶአኔ እንኳ ፊቱን አዞረ። መቅላቱ ከተረከዙ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቱን አልፏል፤ ቆዳው ይፋጃል። ብዕር አውጥታ የመቅላቱን ዳር ዳር በመስመር ከበበችው፤ ሆስፒታል ሲደርስ መስመሩን አልፎ እንደሆነ እንዲያዩት ሰዓቱንም ቆዳው ላይ ጻፈች። ትኩሳቱ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት።

«ይኼ ሁሉ ሥዕል ለምንድነው?» አለ ኬፉ።

«ካርታ ነው። ዛሬ ሆስፒታል ትተኛለህ።»

«ጀልባውስ?»

«ባለ አንድ እግር ጀልባ ሠሪ አይተህ ታውቃለህ?»

ሚስቱ ቀድማ ልብሱን ቋጥራ ነበር። ሜሌሴይኒ ቁስሉን በጨው ውሃ አጥባ ሸፈነችው፤ ለሆስፒታሉ ሐኪም ደወለች፤ ሶአኔ ባልና ሚስቱን ጭኖ ሄደ። መኪናው ሲሄድ የቀኑ ዕቅድም አብሮት ሄደ። ሆስፒታል ደርሶ መመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚህኛው ጊዜ መልእክቱን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

«ኬፉን ሆስፒታል ልኬዋለሁ፤ ትኩሳት አለው፣ መቅላቱ ወደ ላይ ሄዷል። መኪናው ስድስት ሰዓት ተኩል ይመለሳል። ሁለት ተጨማሪ አይደርሱልኝም፤ ሁለቱ የጉልበት ቁስለኞች ለነገ ይሁኑ፣ እየዳኑ ነው። ሕፃኑና ሽማግሌው አይቀሩም።»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። «እሺ።»

አሁን ወደ ላቪኒያ እንመለስ፤ ምክንያቱም የቀኑ ከባድ ጉብኝት የእሷ ነበር። ስልክ ለመደወል ሦስት ጊዜ ቁጥሩን አወጣች፤ ሦስት ጊዜ መለሰችው። ለአባት እህት በስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። በምሳ ሰዓት እንግዶቹን ከጥብስ ዓሣቸው ጋር ትታ ሰሌኗን ጠምጥማ አክስቷ ቤት ሄደች፤ ከበሩ ጀምሮ አጎንብሳ ገብታ መሬት ተቀመጠች። ጸሎት ሆነ። ሳህን መጣ። ሳህኑን ጨረሰች። ሌላ ሳህን መጣ።

«ነርሷስ?» አሉ ወይዘሮ ሁሊታ።

«ዛሬ አትመጣም፣ አክስቴ። እኔ ልለካዎት መጣሁ።»

«ታማለች?»

«አልታመመችም። የባሰበት ሰው አለ።»

«ከእኔ የባሰበት?» ሴትዮዋ ማራገቢያቸውን አቆሙ። «ማን ነው የሰረዘኝ?»

ላቪኒያ በሕይወቷ ሁሉ በወረቀት ላይ ጥፋትን ወደ ታች ስታወርድ ኖራለች፤ ኃላፊነት ማለት እኛ ዘንድ ይኸው ነው። «ሜሌሴይኒ» ብትል አንድ ቃል ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ነርሷ ግን ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር ውስጥ ውሃ የሚሰጣት አታገኝም። ላቪኒያ ሳህኑን እያየች «እኔ ነኝ» አለች።

መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አሰረች። መቶ ሃያ ስምንት በሰባ ስድስት።

«እኔም አውቀዋለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ልጄ ከኦክላንድ የላከልኝ ማሽን አለ።» በጣታቸው ወደ መስታወት ያለው ቁም ሣጥን አመለከቱ። ማሽኑ ካርቶኑ ሳይከፈት ከሠርግ ፎቶ ሥር ተቀምጧል።

«አለዎት? ታዲያ ለምን...»

«ማሽን አብሮኝ ይበላል? ማሽን ይጸልያል? ምግብ ሠርቼ ለማሽን ላቅርብለት?» ማራገቢያው እንደገና ተነሳ፤ በኃይል። «አንቺ የወንድሜ ልጅ፣ ሰባት ወር ሙሉ ሰው ላክሽብኝ እንጂ መች መጣሽ? ደሞዝ የሚከፈላት ሴት ላክሽብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ነርስ አልፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ትመጫለሽ። ሳህኑንም ትጨርሻለሽ።»

ይህ ይቅርታ እንዳይመስላችሁ። ፍርድ ነው። ላቪኒያ አጎንብሳ ተቀበለችው፤ ወደ ስብሰባው የተመለሰችው አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይታ ነው። እንግዶቹ ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚናገረውን ክፍል ጨርሰው ነበር።

ወይዘሮ ሁሊታ ዝርዝሩ ውስጥ የነበሩት ለግፊታቸው አልነበረም። ይህን አሥራ ሰባት ዓመት የሠራች ነርስ ታውቀዋለች፤ ኃላፊዋም ከልቧ ጥልቅ የሆነ ቦታ ታውቀዋለች፤ ግን የብቸኝነት መድኃኒት በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ ስለሌለው «የደም ግፊት መለካት» ተብሎ ተጻፈ። እንዲህ ያለ ስም ስንት ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል? አውጡት ማለት ቀላል ነው፤ የወጣው ሰው የሚገባበት እንዲያገኝ ግን አንድ ሰው ቅዳሜውን መስጠት አለበት። ሜሌሴይኒም ያን ማታ የሽማግሌውን ቱቦ ቀይራ፣ ቢጫውን ሕፃን ለደም ምርመራ ልካ፣ ወደ ቤቷ ስትሄድ በወይዘሮ ሁሊታ ደጃፍ ስታልፍ አንገቷን ቀብራ ነው ያለፈችው። ልክ መሆኗን ብታውቅም ደስ አላላትም።

ኬፉ አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ከተረከዙ ሥጋ ተቆርጧል፤ እግሩ ግን አለ። ሐኪሙ «አንድ ቀን ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ጀልባው አሁንም ግማሽ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ላቪኒያ ከአክስቷ ቤት ስትመለስ ከኮኮናት ቅጠል የተሠራ ቅርጫት ይዛ ጤና ጣቢያ ገባች፤ ሜሌሴይኒ ፊት አስቀመጠችው።

«ካንቺ ነው?»

«ከአክስቴ። 'ለሰረዘችኝ ስጫት' ብለውኝ ነው።»

ሜሌሴይኒ ወደ ቅርጫቱ የዘረጋችውን እጅ መለሰች። «ነገርሻቸው?»

«እኔ? እኔ ነኝ ነው ያልኳቸው። ሶአኔ በዚህ ደሴት ላይ እያለ ምስጢር የሚባል ነገር ያለ ይመስልሻል?»

ከቅርጫቱ የጎደሬ ቅጠሉን አነሱ። ከሥሩ ካርቶኑ ያልተከፈተ የግፊት መለኪያ ነበር። የጤና ጣቢያው መለኪያ ላስቲኩ ተቀድዶ በፕላስተር እየታሰረ መሥራት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል፤ አዲስ ለመጠየቅ የተላከው ደብዳቤ ገና በጉዞ ላይ ነው።

ሜሌሴይኒ ያን ቀን ለወይዘሮ ሁሊታ የምስጋና መልእክት ጻፈች። በማለዳው ውበት ጀመረች፤ ወደ ጌታ ቸርነት ተሻገረች፤ የቤተሰቡን ጤና ጠየቀች፤ የጎደሬ ቅጠሉን አመሰገነች፤ መዝሙሩንም አልረሳችም። ሶአኔ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ የተደበቀ ነገር ፈልጎ አጣ።

«ቁም ነገሩ የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው ነው ቁም ነገሩ» አለችውና ላከችው።